በአራት ሰከንድ የሚነበብ ወሬ

ሰው ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ከአፉ የሚወጣውን ሁሉ ቃል በቃል ጽፎ ያየ ሰው ይገረማል። አብዛኛው መንደርደሪያ፣ መደጋገሚያና ማስታገሻ ነው። ጆሮ ይህን ሁሉ ሳይከብደው ያስተናግደዋል፤ የሚጠቅመውን ይይዛል፣ የቀረውን ይለቅቀዋል። ዓይን ግን የተጻፈለትን ሁሉ ማንበብ አለበት። ፊልም ላይ ደግሞ ዓይን ሌላም ሥራ አለው፤ የተዋናዩን ፊት ያያል፣ እጁን ይከተላል፣ በሩ ሲከፈት ማን እንደገባ ያጣራል። ሰብታይትል የሚነበበው በዚህ መሃል በተረፈች ጊዜ ነው።

ስለዚህ የዕለት ተዕለት ወሬን ወደ ሰብታይትል የሚተረጉም ሰው ሁሉንም ቃል ልተርጉም ቢል ቦታ አይበቃውም። ቃሉን ትቶ ሐሳቡን ብቻ ልውሰድ ቢል ደግሞ የሰውዬው አነጋገር ይጠፋና ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ያወራሉ። እዚህ ላይ የማነሣው ከእንግሊዝኛና ከሌሎች ቋንቋዎች ወደ አማርኛ ስንተረጉም ምን እንደሚቆረጥ፣ ምንስ መቆረጥ እንደሌለበት ነው።

መጀመሪያ ልኩን እንይ። ኔትፍሊክስ ለእንግሊዝኛ ሰብታይትል ያወጣው መመሪያ በአንድ መስመር ከ42 ምልክት በላይ አይፈቅድም፤ ፊደሉም፣ ነጥቡም፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታም ይቆጠራል። መስመሮቹ ከሁለት አይበልጡም፣ አንዱ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ከ7 ሰከንድ በላይ አይቆይም፣ ለአዋቂ ተመልካች የንባብ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 20 ምልክት ነው። ይህን ልክ ለአማርኛ እንዳለ መውሰድ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። የእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ይሸከማል፤ ግሳችንም አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን በአንድ ቃል ያስራል። «አልነገረኝም» 7 ፊደል ነው፤ ይኸው ሐሳብ በእንግሊዝኛ 17 ምልክት ይወስዳል። 42 የግዕዝ ፊደል በአንድ መስመር ላይ የደረደረ ሰው እንግሊዝኛው በሁለት መስመር የሚናገረውን ያህል በአንዱ አጭቋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፊደላችን ሰፋ ያለና ዝርዝሩ የበዛ ስለሆነ በስልክ ስክሪን ላይ አንሶ ሲታይ «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ቀ»ን ከ«ቁ» ለመለየት ዓይን ቆም ማለት ይፈልጋል።

የጃፓንኛው መመሪያ በአንድ መስመር 13 ምልክት፣ በሰከንድ 4 ምልክት ብቻ የሚለው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ብዙ ይሸከማል። አማርኛ በሁለቱ መካከል ነው። እኔ የምሠራበት ልክ በአንድ መስመር 25፣ በሰከንድ 10 ምልክት ያህል ነው። ይህ ከልምድ የመጣ ልክ እንጂ የማንም ደንብ አይደለም፤ ነገር ግን ሰዎች ሲያነቡ ዓይናቸውን ተከትሎ ላየ ሰው ከዚህ በላይ ሲሆን ፊቱን ማየት እንደሚያቆሙ ግልጽ ነው።

አሁን በዚህ ልክ አንድ ቦታ አብረን እንሥራ። ለዚህ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ትዕይንት ነው። ወንድምና እህት ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው ቆይተው ተገናኝተዋል። ወንድም «ለምን አልደወልሽም?» ይላል። እህት በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ፣ በ4 ሰከንድ ውስጥ የምትመልሰው ቃል በቃል ሲተረጎም ይህን ይመስላል፦ «እይ፣ ማለቴ፣ ልደውልልህ አልፈለግኩም ማለት አይደለም፣ እሺ? ዝም ብዬ፣ ታውቃለህ፣ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።» ሲቆጠር 72 ምልክት ነው። በእኛ ልክ ለማንበብ ከ7 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ ያለን 4 ሰከንድ፣ ማለትም 40 ምልክት ነው። ርዝመቱ ቢቀር እንኳ እንዲህ ብላ የምትመልስ የአማርኛ ተናጋሪ እህት የለችም።

ቶሎ የሚመጣው መፍትሔ ሐሳቡን መውሰድ ነው፦ «ልደውልልህ ፈልጌ ነበር፤ ምን እንደምልህ ጠፋኝ።» ይህ 30 ምልክት ነው፤ በሦስት ሰከንድ ይነበባል። ብዙ ሰብታይትል እዚህ ላይ ይቆማል፤ አማርኛውም ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሏል። እህት «ፈልጌ ነበር» አላለችም። «አልፈለግሽም» የሚል ክስ በወንድሟ ድምፅ ውስጥ ሰምታ እሱን እየመለሰች ነው። ንግግሯ መከላከል ነው። ትርጉሙ ግን መግለጫ ሆኗል፤ ቀጥሎ ወንድም ሲቆጣ ተመልካቹ በምን እንደተቆጣ አይገባውም።

እንደገና እንሞክር፦ «ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም ያልደወልኩት፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው።» አሁን መከላከሉ ተመልሷል፣ አማርኛውም የቤት አማርኛ ነው። 38 ምልክት ነው፤ ይገባል፣ ግን ይጣበባል። እዚህ ላይ ከላይ ያለውን መስመር ማየት ይጠቅማል። ወንድም አሁን ነው «ለምን አልደወልሽም?» ያለው። «ያልደወልኩት» የሚለው ቃል ተመልካቹ ከሁለት ሰከንድ በፊት ያነበበውን መድገም ነው። እናውጣው፦ «ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው።» ይህም 30 ምልክት ነው፤ ከዚያ ከደረቀው ትርጉም ጋር እኩል። ሥራ የቆየ ሰብታይትለኛ ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚነካው ቀዳሚው መስመር ወይም ምስሉ አስቀድሞ የተናገረውን ነው፤ የሰውዬውን አቋም የሚነካው ሌላ መላ ሲያጣ ብቻ ነው።

ገና 10 ምልክት ተርፎናል። «እይ»፣ «ማለቴ»፣ «እሺ?»፣ «ታውቃለህ» የሚሉትን ሁሉ ጥለናቸዋል። ትርጉም የላቸውም ግን አንልም፤ የልመና፣ የመጨነቅ፣ የ«ተረዳኝ» ድምፅ አላቸው። አማርኛ ይህን ሁሉ ለመናገር አንዲት ቃል አለችው፦ «ሳልፈልግ ቀርቼ እኮ አይደለም፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው።» ሦስት ምልክት ተጨመረ፣ 33 ሆነ። አራቱ የእንግሊዝኛ መንደርደሪያዎች በ«እኮ» ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ይህ ነው የአማርኛ ሰብታይትለኛ ሀብት፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳይጠቀምበት ሲቀር አያለሁ። ቋንቋችን የተናጋሪውን ስሜት በትናንሽ ቅንጣቶች መጫን ይችላል። «አውቃለሁ» መልስ ነው። «አውቃለሁ እኮ» መሰልቸት አለበት። «እሱንማ አውቃለሁ» የሚለው «ሌላ የማላውቀው ነገር እንዳለ ገብቶኛል» ይላል። «ኧረ አውቃለሁ» ማባበል ሊሆን ይችላል። «አንተስ?» የምትል አራት ፊደል «ስለ እኔ ይኸው ነው፣ አሁን ደግሞ ያንተን ንገረኝ» የሚለውን ሁሉ ታደርሳለች። «እንጃ»፣ «ምነው?»፣ «ይሁና»፣ «በቃ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ቃል በቃል ወይስ በነፃ የሚለው ክርክር የዕለት ወሬ ላይ ሲደርስ በአብዛኛው በእነዚህ ይፈታል፤ ቃሉ ቀርቶ የተናጋሪው አቋም ያለ ኪሳራ ይተረጎማል። በእርግጥ ሲበዙ ያሰለቻሉ። በየመስመሩ «እኮ» የሚል ገጸ ባሕርይ እንደ ነጭናጫ ልጅ ይሰማል፤ ስለዚህ ስሜቱ በሚዞርበት ቦታ ላይ ብቻ ነው የማስቀምጣቸው።

መንደርደሪያው ራሱ ታሪኩ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ፖሊስ ፊት የተቀመጠ ሰው ሲዋሽ የሚያበዛቸው «እ…»፣ «ማለት…»፣ «እኔ እንኳን…» ቢቆረጡ ውሸቱ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን የምለይበት መንገድ ቀላል ነው፦ በትዕይንቱ ውስጥ ሌላ ሰው ለአነጋገሩ ምላሽ ይሰጣል ወይ? ፖሊሱ ቀና ብሎ ካየው፣ እናቱ ፊቷን ከጨመደደች፣ መንተባተቡ መጻፍ አለበት፤ ይልቁንስ ከሚናገረው ፍሬ ነገር ላይ ይቀነሳል።

ሌላው የነፃ ትርጉም ድንበር ተመልካቹ ራሱ ነው። የአማርኛ ተመልካች እንግሊዝኛ ባይናገር እንኳ ብዙ ቃል ያውቃል። ተዋናዩ «ኖ!» ብሎ ሲጮህ፣ ስም ሲጠራ፣ ቁጥር ሲናገር፣ «ሶሪ» ሲል ይሰማል። የሰማው ነገር ከታች ከሌለ፣ ወይም ሌላ ከተጻፈ፣ ትርጉሙ የተዛባ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውንም አያምነውም። ስለዚህ ለጆሮ የሚታወቁ ቃላት ባሉበት ቦታ ላይ ጠጋ ብሎ መተርጎም፣ ነፃነቱን ጆሮ በማይደርስበት መሃል መጠቀም ይሻላል። ስሙ ሦስቴ ከተጠራ ሦስቴ መጻፍ አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ሲጠራ ግን እዚያው መስመር ላይ መኖር አለበት።

ቅንጣቶቹ ቦታ ይቆጥቡልናል፤ ተውላጠ ስማችን ደግሞ ያልተጠየቀ ውሳኔ ይጭንብናል። እንግሊዝኛ ለአባትም፣ ለሕፃንም፣ ለዳኛም የሚሆን አንድ ቃል አለው። አማርኛ አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ሳይል አረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም። አለቃና ሠራተኛ ሆነው ተዋውቀው በኋላ የሚፋቀሩ ሁለት ሰዎች በየትኛው ደቂቃ ላይ አንቱታውን ይተዉ? ይህ ፊልሙ ያልጻፈው ትዕይንት ነው፤ የሚጽፈው ሰብታይትለኛው ነው። በየመስመሩ ከተወሰነ አንዴ «ይቀመጡ» አንዴ «ተቀመጪ» የሚል ዝብርቅርቅ ይወጣል። ፊልሙ እስከ መጨረሻ ታይቶ፣ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ በወረቀት ላይ ተጽፎ ነው መጀመር ያለበት። «ጓደኛዬ ነገረኝ» ብለን የጻፍነው ጓደኛ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሴት ሆና ብቅ ልትል ትችላለችና። ፆታውን ደብቆ ማለፍ ከተፈለገ «ከጓደኛዬ ሰማሁ» ማለት ይቻላል፤ ርዝመቱም አይጨምርም።

ነገሩ ከኮሪያና ከቱርክ ሥራዎች ጋር ሲገናኝ ይበልጥ ይገርማል። ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አድርሶናል፤ ሰብታይትል የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ የኮሪያውንም የቱርኩንም በጽሑፍ ይተረጉማሉ። ብዙ ጊዜ ግን ከፊታቸው ያለው የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ነው። ያ እንግሊዝኛ ለእንግሊዝኛ ልክ ተብሎ አንዴ ተቆርጧል። ከእሱ የሚተረጉም ሰው የቀረውን እንደገና ይቆርጣል፤ የመጀመሪያው ሰው ለራሱ ተመልካች ብሎ የለወጠውንም ሳያውቅ ይወርሳል።

የቦንግ ጁንሆ «ፓራሳይት» የተሰኘው የ2019 ፊልም ጥሩ ምስክር ነው። የእንግሊዝኛ ሰብታይትሉን የሠራው ዳርሲ ፓኬት ነው። ኮሪያኛው የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲን የሚጠራበትን ቀልድ እሱ «ኦክስፎርድ» አደረገው። ሁለት ዓይነት ፈጣን ኑድል ተቀላቅሎ የሚሠራውንና ኮሪያውያን «ጃፓጉሪ» የሚሉትን ምግብ ደግሞ «ራምዶን» የሚል አዲስ ስም አወጣለት። ለምዕራብ ተመልካች በሰከንዶች ውስጥ እንዲገባ የተደረገ ነፃ ትርጉም ነው፤ በበኩሌ ጎበዝ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ስሙን ማስረዳት የሚያስችል መስመር አልነበረውምና። ከእንግሊዝኛው የሚተረጉም የአማርኛ ሰብታይትለኛ ግን «ኦክስፎርድ» ብሎ ቢጽፍ የሴኡል ቤተሰብ ስለ እንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ እያወራ ነው ብሎ ያሰበውን ተመልካች ያታልለዋል። «የሴኡል ዩኒቨርሲቲ» ማለት ለእኛ ይበቃል፤ በአገሩ ትልቁ ትምህርት ቤት መሆኑ ከስሙ ይገመታል።

ከዚህ የሚከፋው ግን የአንቱታው ነገር ነው። ኮሪያኛ እንደ እኛ፣ ምናልባትም ከእኛ በላይ፣ ለታላቅና ለታናሽ የተለየ አነጋገር አለው። ቱርክኛም ለቅርብ ሰው «ሰን»፣ ለአክብሮት «ሲዝ» ይላል። ከሁለቱም ወገን ያለውን አክብሮት መካከል ላይ የተቀመጠው እንግሊዝኛ አጥፍቶታል፤ ከእሱ የሚተረጉም ሰው ደግሞ ከባዶ ይገምታል። ሆኖም መገመት አያስፈልገውም። ኮሪያኛ የማያውቅ ጆሮ እንኳ የአረፍተ ነገሩን መጨረሻ መስማት ይችላል። «ዮ» ወይም «ኒዳ» የሚል ድምፅ ላይ የሚያርፍ ንግግር የአክብሮት ነው፤ ይህ ድምፅ ጠፍቶ አጭር ሆኖ የሚቆረጥ ከሆነ የእኩዮች ወይም የታላቅ ለታናሽ ንግግር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ «ዮ» ያለማቋረጥ ሲሰማ ቆይቶ በድንገት ከጠፋ ሁለቱ ሰዎች ተቀራርበዋል፣ ወይም ተጣልተዋል። አማርኛው እዚያው መስመር ላይ ከእርስዎ ወደ አንተ መዞር አለበት። ታናሽ ታላቁን የሚጠራበትን ቃል እንግሊዝኛው በስም ቢተካውም «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብለን መመለስ እንችላለን፤ ስሙም እዚያው ተጨምሮ ቦታ ካለ ይበልጥ ይጠራል።

አንቱታ በአማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። «አልነገሩኝም» ሲባል እነሱ ናቸው፣ እሳቸው ናቸው፣ ወይስ ፊት ለፊት የቆሙት እርስዎ? ገጽ ላይ ቢሆን አንባቢ ወደ ላይ ተመልሶ ያጣራል። በሰብታይትል መመለስ የለም። እዚህ «እርስዎ» የሚለውን ቃል መጨመር ትርፍ አይደለም፤ አምስት ምልክት ከፍሎ ግራ መጋባትን መግዛት ሳይሆን ማስቀረት ነው።

የፊደላችን አለማጥበቅም እንዲሁ። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ጽሑፋችን አይለይም፤ ረጅም አረፍተ ነገር ውስጥ ዐውዱ ያድነናል፣ በሁለት ቃል መስመር ላይ ግን ዐውድ የለም። «እናትህ ታማለች» የሚል ሰብታይትል ለአንድ ሰከንድ ተኩል ብቅ ይላል። «ማ» ከጠበቀች እናቱ በሽተኛ ናት፤ ከላላች ሰው ታማለች፣ ሐሜተኛ ናት። ሁለቱ በሚሳሳቁበት ትዕይንት ላይ ከሆነ ተመልካቹ ሁለተኛውን ይወስድና ልጁ ሲያለቅስ ይደናገራል። «እናትህን አሟታል» ቢባል ሁለት ንባብ የለውም። አጭር መስመር ሁሉ ሳይታይ እንዳያልፍ ጮክ ተብሎ በሁለቱም መንገድ መነበብ አለበት።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ግን የቃላት ቅደም ተከተል ነው። እንግሊዝኛ ውጤቱን አስቀድሞ ምክንያቱን ያስከትላል፤ አማርኛ ምክንያቱን አስቀድሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ትናንት ማታ ቤት እንዳልገባች ትናገራለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ወንድሙ ቤት እንደነበረች ትናገራለች። ደንበኛው አማርኛ «ወንድምህ ጋ ስለነበርኩ ትናንት ማታ ቤት አልገባሁም» ነው። እንዲህ ተጽፎ አንድ ላይ ከወጣ ምስጢሩ ከተዋናይቷ አፍ ሳይወጣ ከታች ተነቦ ያልቃል፤ ፊቷን ስታዞር ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር የለም። ስለዚህ «ስለ» ይወጣና ለሁለት ይከፈላል። በሰብታይትል ፋይሉ ውስጥ እንዲህ ይሆናል፦

```
214
00:31:07,200 --> 00:31:09,000
ትናንት ማታ ቤት አልገባሁም።

215
00:31:11,600 --> 00:31:13,100
ወንድምህ ጋ ነበርኩ።
```

የላይኛው 18 ምልክት ነው፤ 1.8 ሰከንድ ተሰጥቶታል፣ ልክ በልካችን። የታችኛው 13 ሆኖ ሰከንድ ተኩል አለው። በመካከላቸው ያለው የ2.6 ሰከንድ ባዶ ስክሪን «ስለ»ን ተክቶ ይሠራል፤ ዝምታዋ ራሱ ምክንያት እየመጣ እንደሆነ ይነግራል። አያያዡ ተጥሏል፣ ትርጉሙ ግን ከቃል በቃሉ ይበልጥ ታማኝ ሆኗል። አረፍተ ነገሩን መክፈል ሳይቻል ሲቀር አማርኛ ሌላ መውጫ አለው። የሚገለጠው ነገር ማንነት ከሆነ «ከቤት ያባረረኝ…» ብሎ በአንደኛው መስመር ማንጠልጠል፣ «አባቴ ነው።» ብሎ በሁለተኛው ማሳረፍ ይቻላል። ይህ የተዋሰው አገባብ አይደለም፤ ተረት የሚያወሩ ሰዎቻችን ሁሌም የሚጠቀሙበት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ፊልሙን ላላየ ሰው ሳያቋርጥ እንዲያየው አደርጋለሁ፤ እኔ የማየው እሱን ነው። ዓይኑ ከታች ተተክሎ ከቀረ መስመሩ ረዝሟል። ጽሑፉ ጠፍቶም ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ ጊዜው አንሷል። «ማን ናት እሷ?» ብሎ ከጠየቀ አንድ ስም ያለ ቦታው ተቆርጧል። ተዋናዩ ሳይናገር ከሳቀ ደግሞ ቃሉን አልነካውም፤ ሰዓቱን በግማሽ ሰከንድ ወደ ኋላ እገፋና ያንኑ ቦታ እንደገና አሳየዋለሁ።